ሻጭ ቃሉን ቢያጥፍ ቤቱን ራሱን በፍርድ ለመረከብ የሚያገለግል መመሪያ

ቤት ለመግዛት ተዋውለው ከዋጋውም ከፊሉን ቆጥረው ከሰጡ በኋላ፣ ሻጩ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው አግኝቶ «ገንዘብዎን ይውሰዱ፤ ቤቱን ግን አልሸጥም» ያላቸው ሰዎች ለምክር ሲመጡ የሚያነሡት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ዳኛ ሻጩን ካሣ ክፈል ከማለት ይልቅ ቤቱን ራሱን አስረክብ ብሎ ሊያዝዘው ይችላልን የሚል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ የሚሰጠው መልስ አዎን የሚል ነው። በቁጥር 1771 ውል የፈረሰበት ወገን ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት ለመጠየቅ ምርጫ አለው፤ ከዚህም ጋር የደረሰበትን ጉዳት ኪሣራ መጠየቅ ይችላል። ዳሩ ግን ሕጉ ይህን መብት ያለ ልጓም አልተወውም። በቁጥር 1776 እንደ ተደነገገው፣ ውሉ በግዴታ እንዲፈጸም የሚታዘዘው ይህን የሚጠይቀው ሰው የተለየ ጥቅም ያለው ሲሆንና አፈጻጸሙም የባለዕዳውን የግል ነፃነት የማይነካ ሲሆን ነው። ዘፋኝን ዝፈን፣ አናጺን በእጅህ ሥራ ብሎ በፖሊስ ማስገደድ አይቻልም፤ ቤትን ማስረከብና በሰነድ ላይ መፈረም ግን የማንንም ነፃነት አያጠብም።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት ወይዘሮ በአዲስ አበባ ከተማ የሚገኝ መኖሪያ ቤት በ4,800,000 ብር ለመግዛት ተዋውለው 1,500,000 ብር በባንክ ከፈሉ፤ ቀሪው 3,300,000 ብር ስመ ሀብቱ በስማቸው በሚዛወርበት ዕለት እንዲከፈል፣ ርክክቡም በሦስት ወር ውስጥ እንዲሆን፣ ውሉን ያፈረሰ ወገን 300,000 ብር መቀጫ እንዲከፍል ተስማሙ። ሦስቱ ወር ሲያልፍ ሻጩ ለዚያው ቤት 6,000,000 ብር የሚሰጥ ሌላ ሰው አግኝቶ የወይዘሮዋን ስልክ ማንሣት ተወ። እነሆ ከዚህ ቀን ጀምሮ ወይዘሮዋ የሚሠሩት ሥራ ሁሉ ቤቱን ወይም ገንዘቡን ማግኘታቸውን ይወስናል።

1. አስቀድመው ውሉ በሕግ ፊት የሚጸና መሆኑን ይመርምሩ

የማይጸና ውል በግዴታ ሊፈጸም አይችልም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የውሉን ወረቀት ከፊትዎ ዘርግተው አራት ነገሮችን ይመልከቱ።

የመጀመሪያው የተሸጠው ነገር ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም አይለወጥም። በውሉ ላይ «500 ካሬ ሜትር መሬት ሸጥኩ» ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ፣ የውሉ ጉዳይ ሕገ ወጥ ነውና ፍርድ ቤት እንዲፈጸም አያዝዝም፤ ገዢው ሊጠብቅ የሚችለው የከፈለው ገንዘብ እንዲመለስለት ነው። ሊሸጥ የሚችለው በይዞታው ላይ የቆመው ቤት ነው። ባዶ ቦታ ገዝተው ለይስሙላ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ያቆሙ ሰዎች ዳኛው ዋጋውን ከቤቱ ጋር አስተያይቶ ሲጠይቃቸው መልስ ያጥራቸዋል። በገጠርም ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጠው መሬት ስለሌለው፣ የእርሻ መሬት ግዢ ብለው የተዋዋሉ ሰዎች በዚህ መመሪያ አይጠቀሙም።

ሁለተኛው የውሉ አጻጻፍ ሥርዐት ነው። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ይህም ሁላችን ውልና ማስረጃ የምንለው መሥሪያ ቤት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 እንዲህ ሳይመዘገብ የተደረገ የቤት ሽያጭ የጸና አይደለም ብሏል። ሻጩ ውሉን ያልካደ እንደ ሆነ የምዝገባው ጉድለት ብቻውን ውሉን እንደማያስቀር የተመለከተባቸው ጉዳዮች ከዚያ ወዲህ አሉ፤ ነገር ግን ባለ ጋራዎ እንደማይክድ ተስፋ አድርጎ ወደ ሙግት መግባት አደገኛ ስለ ሆነ፣ ገና ያልተዋዋሉ ከሆኑ ሠፈር ውስጥ በደላላ ፊት በተጻፈ ወረቀት ላይ ገንዘብዎን አያፍሱ።

ሦስተኛው የትዳር ጓደኛ ፊርማ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ፈቃድ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ያልፈረመው ወገንም ሽያጩን ካወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ባልየው ብቻውን ፈርሞ ከሆነ፣ የሚስቲቱ ተቃውሞ ክርክሩ መካከል ላይ ብቅ ሊል እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁ።

አራተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስተውለውና ብዙ ሙግት ያሰናከለው፣ ቀብድ የሚለው ቃል ነው። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ ሊወጣ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለም እንደዚሁ የተቀበለውን ዕጥፍ አድርጎ መልሶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ወይዘሮዋ የከፈሉት 1,500,000 ብር በውሉ ላይ ቀብድ ተብሎ ከተጻፈ፣ ሻጩ 3,000,000 ብር ከፍሎ ቤቱን ለማስቀረት በር ተከፍቶለታል። «ከሽያጩ ዋጋ ላይ የተከፈለ የመጀመሪያ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ይህ በር ዝግ ነው። ስለዚህ በሚዋዋሉበት ጊዜ ቃሉን አይቀበሉ፤ ከዚህ ቀደም ተጽፎ ከሆነም፣ ውሉ ከቀብዱ ጋር የማፍረስ መብትን የሚያስቀር ሌላ አነጋገር ያለው እንደ ሆነ ጠበቃዎ በጥንቃቄ እንዲያነበው ያድርጉ።

2. ነገሩን ራሱን ለምን እንደሚፈልጉ ለማስረዳት ይዘጋጁ

ዳኛው የተለየ ጥቅምዎ ምንድር ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቤትን በሚመለከት መልሱ አስቸጋሪ አይደለም፤ የቤት ቦታው፣ አቅጣጫው፣ ከትምህርት ቤትና ከሥራ ያለው ርቀት በሌላ ቤት የማይገኝ ነው። ወይዘሮዋ ልጃቸውን በዚያው ሠፈር ትምህርት ቤት አስመዝግበው ከሆነ የምዝገባውን ደረሰኝ፣ የሚኖሩበትን የኪራይ ቤት ለመልቀቅ ማስታወቂያ ሰጥተው ከሆነም ያንን ደብዳቤ ያያይዙ። ገንዘቡ ቢመለስላቸው በዚያ ዋጋ ያን የመሰለ ቤት እንደማያገኙም 6,000,000 ብር የተባለው ዋጋ ራሱ ምስክር ነው።

ዕቃን በሚመለከት ግን ነገሩ ጠባብ ነው። ሽያጭን የሚመለከተው የሕጉ ክፍል በቁጥር 2329 ገዢው በንግድ ልማድ ወይም ያለ ችግርና ያለ ብዙ ወጪ በምትኩ ሌላ ሊገዛ የሚችለውን ዕቃ በግዴታ እንዲሰጠው ሊጠይቅ እንደማይችል ይናገራል። ሃምሳ ኩንታል ነጭ ጤፍ ለመግዛት ተዋውለው ሻጩ ቢከዳዎ፣ ጤፉን አስረክብ የሚል ፍርድ ለማግኘት አንድ ዓመት ከመሟገት ይልቅ፣ ከሌላ ነጋዴ ገዝተው የዋጋውን ልዩነት መጠየቅ ይሻላል፤ ቁጥር 1778ም እንዲህ ያለውን ዕቃ በባለዕዳው ኪሣራ ለመግዛት ከዳኛ ፈቃድ ማግኘት እንደሚቻል ይናገራል። ለአንድ ቦታ ልክ ተለክቶ የተሠራ የወፍጮ መኪና፣ ወይም ሌላ የማይገኝለት ዕቃ ሲሆን ግን ዕቃው ራሱ እንዲሰጥዎ ለመጠየቅ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ዕቃውን በመለያ ቁጥሩና በምልክቱ ለይተው ይግለጹ፤ «አንድ መኪና» ብቻ ተብሎ የተፈረደ ፍርድ ሲፈጸም ሌላ አሮጌ መኪና እንዳይቀርብልዎ ነው።

3. ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ሳይዘገዩም ይስጡ

በቁጥር 1772 ባለ ጋራ ውሉን አልፈጸመም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ የውሉን ቀን፣ ሊፈጸም የሚገባውን ነገርና የሚሰጡትን በቂ ቀነ ገደብ ይናገር። ከሁሉ በላይ «ውሉ እንዲፈጸምልኝ እፈልጋለሁ» የሚል ግልጥ ቃል ይኑረው። በንዴት «ገንዘቤን መልስልኝ» ብለው የጻፉ ገዢዎች፣ በኋላ ቤቱን ሲጠይቁ፣ ሻጩ ያንኑ ደብዳቤ ይዞ ገዢው ውሉ እንዲሰረዝ መርጦ ነበር እያለ ሲከራከርባቸው ታይቷል። በስልክ የሚላክ መልእክትም እንደዚሁ ማስረጃ ነውና በዚያም የሚጽፉትን ይመዝኑ።

ደብዳቤውን በምስክር ፊት ሰጥተው በግልባጩ ላይ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ልከው ደረሰኙን ያስቀምጡ። ሻጩ እንደማይፈጽም በጽሑፍ አስታውቆ እንደ ሆነ ወይም በውሉ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ተብሎ እንደ ሆነ ሕጉ ግዴታውን ያነሣል፤ ሆኖም አንድ ወረቀት መጻፍ የሚያስከትለው ጉዳት የለምና መጻፉ ይሻላል። የውል ጥያቄ በጠቅላላው በቁጥር 1845 በዐሥር ዓመት ይርጋ የሚታገድ ቢሆንም፣ በዚህ ሰፊ ጊዜ አይተማመኑ፤ ዝም ብሎ የቆየ ገዢ ነገሩን የተወ ይመስላል፤ በዝምታውም ጊዜ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ያስተላልፋል።

4. የራስዎን ግዴታ ፈጽመው ወይም ለመፈጸም ተዘጋጅተው ይገኙ

እኔ እንደማየው ብዙ እውነተኛ ገዢዎች የሚሸነፉት በዚህ ላይ ነው። ሻጩ መከላከያ ሲያቀርብ የሚናገረው የመጀመሪያው ቃል «ቀሪውን ገንዘብ አላቀረበችም፤ ውሉን ያፈረሰችው እርሷ ናት» የሚል ነው። ግዴታዎቹ አንድ ላይ የሚፈጸሙ ሲሆኑ፣ የራሱን ያልፈጸመና ለመፈጸምም ዝግጁ ያልሆነ ሰው ሌላውን ማስገደድ አይችልም።

ስለዚህ ወይዘሮዋ ቀሪው 3,300,000 ብር በባንክ መኖሩን የሚያሳይ መግለጫ ርክክቡ ሊሆን በተቀጠረበት ዕለት ሊያወጡ፣ በማስጠንቀቂያውም ላይ «ገንዘቡ ተዘጋጅቷል፤ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ውልና ማስረጃ እገኛለሁ» ብለው ሊጽፉ፣ በተባለው ሰዓትም ከሁለት ምስክሮች ጋር በዚያ ሊገኙ ይገባል። ክሱ ሲከፈትም ገንዘቡን በፍርድ ቤቱ ስም በተሠራ ሲፒኦ ለማስያዝ ፈቃደኛ መሆናቸውን ያመልክቱ፤ ዳኛው ሲያዝም ያስይዙ። ከባንክ በሚገኝ ብድር የሚገዙ ከሆነ፣ የብድሩ ፈቃድ የሚጸናበት ጊዜ ከሙግቱ በፊት የሚያልቅ መሆኑን አስበው ሌላ መላ ይፈልጉ።

5. ክሱን በሚከፍቱበት ዕለት ዕግድ ይጠይቁ

ቤቱ በመዝገብ በሌላ ሰው ስም ከተዛወረና ያም ሰው በቅን ልቡና የገዛ ከሆነ፣ ክርክርዎ ምንም ያህል እውነት ቢሆን ቤቱ አምልጦዎታል፤ በእጅዎ የሚቀረው ካሣ ብቻ ነው። ውልና ማስረጃ ዘንድ መፈረም ብቻውን ባለቤት አያደርግምና፤ ባለቤትነት የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ሲጻፍ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ በቁጥር 154 ለክርክሩ ምክንያት የሆነው ንብረት እንዳይሸጥና እንዳይጠፋ የዕግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በማመልከቻው ላይ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ለማስተላለፍ ማሰቡን የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ የደላላ ምስክርነት ወይም የሽያጭ ማስታወቂያ፣ በቃለ መሐላ አስደግፈው ያቅርቡ። ትእዛዙ ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ደብዳቤውን ካርታው ወዳለበት የክፍለ ከተማ መሬት ጽሕፈት ቤት ራስዎ ይውሰዱ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥርና ማኅተም የተመታበትን ግልባጭ ይዘው ይመለሱ። ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት የባለይዞታው ስም ከነአያት፣ የካርታው ቁጥር፣ ወረዳውና የቤቱ ቁጥር በካርታው ላይ እንዳለው መጻፉን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ከካርታው ቁጥር አንዲት አኃዝ የጎደለች እንደ ሆነ ጽሕፈት ቤቱ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ የለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ በዚያ መካከል በሚያልፈው ሳምንት ስመ ሀብቱ ሊዛወር ይችላል። በዚያው ቀን ቤቱ የባንክ መያዣ ወይም ሌላ ዕዳና እገዳ ያለበት መሆኑን ይጠይቁ፤ ቀድሞ የተመዘገበ የባንክ መብት በእርስዎ ፍርድ አይሻርምና።

6. የሚጠይቁትን ዳኝነት አሟልተው ይጻፉ

የክስ ማመልከቻው የመጨረሻው ክፍል፣ ዳኝነት የሚጠየቅበት ማለት ነው፣ በጥቂት መስመር የሚጻፍ ቢሆንም የሙግቱ ፍሬ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም የአፈጻጸም ችሎት ፍርዱ ያላለውን ጨምሮ ማስፈጸም አይችልም። «ሻጩ ውሉን እንዲፈጽም ይወሰንልኝ» ብቻ ተብሎ ቢጠየቅና እንደዚያው ቢፈረድ፣ በአፈጻጸም ጊዜ ካርታውን ማን ይስጥ፣ ተከራዩን ማን ያስወጣ፣ የቀድሞውን ግብር ማን ይክፈል የሚል አዲስ ክርክር ይፈላል። ስለዚህ ቤቱን ባዶ አድርጎ እንዲያስረክብ፣ ዋናውን ካርታ እንዲያስረክብ፣ በስመ ሀብት ማዛወሪያ ሰነዶች ላይ እንዲፈርም፣ እስከ ርክክቡ ያለውን ግብርና የውሃና የመብራት ዕዳ እንዲያጸዳ፣ ይህን ሁሉ ባይፈጽም ፍርድ ቤቱ በእርሱ ፈንታ እንዲፈጽመውና ካርታው ባይገኝ ምትክ እንዲሰጥ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲታዘዝ ብለው አንድ በአንድ ይዘርዝሩ።

ከዚህ በታች በአማራጭ ቤቱ ሊገኝ የማይቻል ሆኖ ቢገኝ የተከፈለው 1,500,000 ብር ከካሣው ጋር እንዲመለስ ይጠይቁ። ይህን መርሳት ከባድ ስሕተት ነው፤ የሥነ ሥርዐቱ ሕግ ከአንድ ምክንያት የሚነሡ ጥያቄዎች በአንድ ክስ እንዲጠቃለሉ ያዝዛልና፣ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ የተውትን በሌላ ክስ መልሰው ለማምጣት አይችሉም። መቀጫውን በሚመለከት ደግሞ ቁጥር 1890 መቀጫ መኖሩ ውሉ እንዲፈጸም ከመጠየቅ እንደማያግድ ይናገራል፤ ነገር ግን መቀጫው ለመዘግየት የተቆረጠ ካልሆነ ቤቱንም 300,000 ብሩንም አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። በምሳሌያችን መቀጫው ውሉን ላፈረሰ ተብሎ የተቆረጠ ስለ ሆነ፣ ወይዘሮዋ ቤቱን ካገኙ መቀጫው ይቀራል፤ ቤቱ ካልተገኘ ግን በአማራጩ ውስጥ ይጠየቃል። ክሱ የሚቀርበው ቤቱ በሚገኝበት ቦታ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ነው።

7. ፍርዱን ከወረቀት ወደ ቁልፍ ያድርሱ

ፍርድ ካገኙ በኋላ የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ አውጥተው የአፈጻጸም ማመልከቻ በቁጥር 378 መሠረት ያቅርቡ። ይግባኝ መጠየቁ ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም፤ የሚያቆመው የበላይ ፍርድ ቤት የዕግድ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ይግባኝ ብያለሁ ስላለ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። የፍርዱን አፈጻጸም መጠየቅም በዐሥር ዓመት ውስጥ መሆን አለበት።

ሻጩ ተጠርቶ አልፈርምም ቢል ወይም ባይቀርብ፣ ሊፈረም የሚገባውን ሰነድ ረቂቅ በፍርዱ ቃል ልክ እርስዎ አዘጋጅተው ለችሎቱ ያቅርቡ፤ ለሻጩ ደርሶት ተቃውሞ ካለው ከተሰማ በኋላ ዳኛው በእርሱ ፈንታ ይፈርምበታል፤ ይህም ሻጩ ራሱ እንደ ፈረመው ይቆጠራል። በረቂቁ ላይ በፍርዱ የሌለ አንዳች ነገር አይጨምሩ፤ ስለ አንዲት ትርፍ ቃል የሚነሣው ተቃውሞ ቀጠሮ ያስረዝማል። ቀሪው ገንዘብ በፍርድ ቤት ተይዞ ከሆነ ለሻጩ የሚለቀቀው ስመ ሀብቱ ሲዛወር እንዲሆን፣ ያልተከፈለ ግብር ወይም የባንክ ዕዳ ቢኖርም ከዚያው ላይ ተቀንሶ እንዲከፈል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ይህን ማስመለስ ሌላ ሙግት ነው።

በርክክቡ ዕለት የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ባለበት መስኮቱን፣ በሩን፣ የቆጣሪውን ንባብና በግቢው ያለውን ሁሉ በዝርዝር ጽፈው ያስፈርሙ። ሻጩ በንዴት ነቅሎት የሄደ በር ወይም የውሃ ጋን ቢኖር፣ ለዚያ የሚጠየቀው ኪሣራ የሚለካው በዚህ ዝርዝር ነውና። ከዚያም የመልእክተኛውን ሪፖርት፣ የዳኛው ፊርማ ያለበትን ሰነድና የፍርዱን ግልባጭ ይዘው ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ይሂዱ፤ ከዚህ ቀደም ያስመዘገቡት ዕግድ እርስዎንም ራስዎን ስለሚያግድ፣ እንዲነሣ የሚያዝዝ ደብዳቤ ከችሎቱ አስቀድመው ያውጡ። የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ ክፍያ በውሉ ማን እንዲከፍል እንደ ተባለ አይተው ይክፈሉ፤ አዲሱም ካርታ በስምዎ ሲሰጥዎ ስምዎን፣ የቦታውን ስፋትና ወሰኖቹን ከቀድሞው ካርታ ጋር በዚያው በመስኮቱ ፊት ቆመው ያመሳክሩ።